«እንደ አስፈላጊነቱ» ስንት ወሊድ ነው?

ለጤና ሳይንስ ኮሌጁ ዲን
ለሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅና ለሜዲካል ዳይሬክተሩ

ጉዳዩ፦ በመጪው ሐምሌ ስለሚታደሰው የተማሪዎች ልምምድ የመግባቢያ ሰነድ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በነዚህ ዓመታት ከኮሌጁ የሚላኩ የአዋላጅ ነርስ ተማሪዎች በየዓመቱ በእጄ አልፈዋል፤ ዛሬ ከጎኔ ተረኛ ሆነው የሚያድሩ የትናንት ተማሪዎችም አሉ። ኮሌጁና ሆስፒታሉ የተፈራረሙትን ሰነድ ግን ያየሁት ባለፈው ኅዳር ነው። በማትሮኗ ጽሕፈት ቤት ሌላ ወረቀት ስፈልግ አገኘሁት። አራት ገጽ ነው፣ ሁለት ማኅተም አለበት፣ የፈረሙት ሰዎች ሁለቱም ተዛውረዋል። ክፍላችን ውስጥ ካለን አሥር አዋላጆች መካከል መኖሩን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ የምጽፈው ሰነዱ ከመታደሱ በፊት በሥሩ የሚሠሩት ሰዎች ሐሳብ እንዲሰማ ነው። የኮሌጁንም የሆስፒታሉንም ስም ያልጠቀስኩት ተመሳሳይ ሰነድ የፈረሙ ሌሎችም እንዲያነቡት ብዬ ነው።

የሰነዱ ሁለት ቃላት አእምሮዬ ውስጥ ቀርተዋል። አንዱ «ያስተናግዳል» ነው፤ ሆስፒታሉ ተማሪዎችን ተቀብሎ ያስተናግዳል ይላል። እንግዳ ይስተናገዳል፤ ቡና ይፈላለታል፣ ወንበር ይሰጠዋል፣ ሥራ አይሰጠውም። ልጆቹ ግን የሚመጡት ሥራ ፍለጋ ነው። ሁለተኛው «እንደ አስፈላጊነቱ» ነው። አራት ገጽ ውስጥ ስድስት ቦታ ቆጥሬዋለሁ። የኮሌጁ መምህር እንደ አስፈላጊነቱ ክትትል ያደርጋል፣ ሆስፒታሉ እንደ አስፈላጊነቱ ግብዓት ያቀርባል፣ የተማሪው ቁጥር እንደ አስፈላጊነቱ ይወሰናል። በእኛ አገር የቢሮ ቋንቋ ይህ ሐረግ ሲጻፍ ማንም አይገደድም ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በቁጥር የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የልምምዱ ቆይታ 6 ሳምንት ይሆናል። ባለፈው ኅዳር የነበረው ቡድን 40 ተማሪ ነበረው። ኮሌጁ የሚሰጣቸው ሎግቡክ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ እጅ 20 እናቶችን ማዋለዱን በተቆጣጣሪ ፊርማ እንዲያሳይ ይጠይቃል። እስኪ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ከማዋለጃ ክፍሉ መዝገብ ጎን እናስቀምጣቸው።

እኛ ጋ በወር 180 ያህል እናቶች ይወልዳሉ፣ በቀን ስድስት ማለት ነው። አንዷ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች፤ በምጥ የሚወልዱት አምስት ይሆናሉ። ተማሪዎቹ የሚመጡት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው። በ6 ሳምንት ውስጥ 30 የሥራ ቀን አለ፤ በነዚህ ቀናት 150 እናቶች በምጥ ይወልዳሉ። ነገር ግን ምጥ የመንግሥት የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ከ24ቱ ሰዓት ተማሪው ያለው በ9ኙ ብቻ ስለሆነ ከ150ው ውስጥ በእሱ ሰዓት የሚደርሱት 56 ገደማ ናቸው። ከነዚህ ደግሞ መንታ፣ በእግሩ የሚመጣ፣ ደም ግፊቷ የናረ፣ ከጤና ጣቢያ ተጎድታ በሪፈር የመጣች እናት ለጀማሪ እጅ አትሰጥም። በእኛ ክፍል ልማድ ሩቡን ያህል ስናወጣ 42 ይቀራል።

42 ወሊድ ለ40 ተማሪ። ለአንድ ልጅ አንድ።

ታዲያ ሎግቡኮቹ ላይ 20፣ 20 የተሞላው ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ራሴ ጠይቄ ራሴ መልሱን አገኘሁት። ባለፈው ቡድን መጨረሻ ላይ ለፊርማ የመጡትን ደብተሮች ሰብስቤ የእናቶቹን የካርድ ቁጥር ከወሊድ መዝገባችን ጋር አመሳከርኩ። አንዲት እናት በዘጠኝ ደብተር ላይ ተመዝግባለች። ዘጠኙም ተማሪዎች «ራሴ አዋለድኩ» በሚለው አምድ ላይ ጽፈዋታል። የወለደችው በሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት አንድም ተማሪ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ልጆቹን ልኮንን አልችልም፤ ደብተሩ ካልሞላ አይመረቁም። የፈረምነውም እኛ ነን። የእኔም ፊርማ አለበት፤ ዓርብ 10 ሰዓት ላይ ሠላሳ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ፣ «ሲስተር፣ መኪናው እየጠበቀን ነው» እየተባልኩ የፈረምኩት።

ሐሰቱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የካርድ ቁጥር እንኳ አያስፈልገውም። ፓርቶግራፉን ይመልከት። የፅንሱ ልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ተቆጥሮ ነጥብ ይደረግበታል፤ ጤነኛ ፅንስ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ምጡ ሲመጣና ሲሄድም ይለዋወጣል። ነጥቦቹ 140፣ 140፣ 140 እየተባሉ በአንድ ቀለም በአንድ ትንፋሽ የተደረደሩ ከሆነ ያ ወረቀት የተሞላው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ለአዋላጆች ባወጣው ደንብ ተማሪዋ ከመመረቋ በፊት ቢያንስ 40 ወሊድ ራሷ መያዝ አለባት፤ የእናቶች ቁጥር ካነሰ ወደ 30 ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ግን በ20 ሌሎች ላይ በማገዝ መሳተፍ አለባት። ይህን ያነሳሁት አውሮፓን እንምሰል ለማለት አይደለም። ደንቡ የተጻፈው በወሊድ ቁጥር ነው፤ እናቶች ካነሱ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይናገራል። የእኛ ሰነድ ሳምንት ይቆጥራል። ሳምንት ደግሞ ተማሪው በረንዳ ላይ ተቀምጦም ያልፋል።

እንግዲህ ሒሳቡን በሌላ አቅጣጫ እንሥራው። ተማሪዎቹ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በሦስት ፈረቃ፣ ሌሊቱንም ቢሠሩ፣ እያንዳንዱ ቡድን 9 ሳምንት ቢቆይ 63 ቀን ይሆናል። በቀን አምስት ሲባል 315 እናቶች፤ ሩቡ ሲቀነስ 236 ይቀራል። 40ዎቹ ተማሪዎች በሦስት ቡድን ቢከፈሉ በአንድ ጊዜ 13 ወይም 14 ይሆናሉ፤ ለአንዱ 17 ያህል ወሊድ ይደርሰዋል። የቀረውን ሦስት ከተማው ውስጥ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ማግኘት ይቻላል፤ ጤነኛ ምጥ ከእኛ ይልቅ እነሱ ጋ ነው የሚበዛው። ስለዚህ አዲሱ ሰነድ ሦስተኛ ፈራሚ ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው ጤና ጽሕፈት ቤት። ሦስቱ ዙር ሲደመር 27 ሳምንት ነው። ኮሌጁ የክፍል ትምህርቱን መርሐ ግብር እንደገና ማቀናጀት ይኖርበታል፤ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ከ20ው ፊርማ 19ኙ ሐሰት ከሚሆን ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በዚያው ሳምንት ሌላ ተማሪ ከሌለ ነው። በኅዳር ከአንድ የግል ኮሌጅ የመጡ 25 ልጆች በዚያው ክፍል ነበሩ፤ እነሱም ሌላ ሰነድ አላቸው፣ እሱም ላይ «ያስተናግዳል» ተብሏል። ሆስፒታሉ ከስንት ኮሌጅ ጋር እንደተፈራረመ ማዋለጃ ክፍሉ የሚያውቀው ነጭ ጋዎኑ በር ላይ ሲሰለፍ ነው። አንድ የወሊድ አልጋ ሁለት ጊዜ ሊከራይ አይችልም። በአዲሱ ሰነድ ላይ የእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ተጽፎ፣ በዚያ ጊዜ ክፍሉ ለሌላ እንደማይሰጥ ሆስፒታሉ ይፈርም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ተማሪዎቹ ሌሊት ይምጡ ስል ከማን ጋር እንደሚያድሩም አብሬ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም አንድ ሌሊት አልረሳም። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በራሳቸው ፈቃድ ሌሊት የሚያድሩ ሁለት ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። ሁለት ተረኞች ነበርን፤ ጓደኛዬ ደም የሚፈሳትን እናት ይዛ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሮጠች፣ እኔ አንደኛው አልጋ ላይ ማኅፀን እያሸሁ ነበር። ሦስተኛው አልጋ ላይ ያለችውን እናት እንዲከታተል ለአንዱ ተማሪ ነገርኩት። «ልቡን ሰማህ?» ስለው «አዎ ሲስተር፣ 140» አለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላም 140። ሕፃኑ ሲወለድ ዝልፍልፍ ብሎ መጣ፣ አላለቀሰም። በአምቡባግ ተነፍሶለት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ማልቀስ ጀመረ፤ ዛሬ እየሮጠ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ተማሪውን ኋላ ላይ ለብቻው ጠየቅሁት። ልቡ እንዴት እንደሚገኝ አያውቅም ነበር። የእናቲቱን ምት ይስማ የፅንሱን ይስማ ስላልለየ፣ ማፈሩ በልጦበት መጽሐፉ ላይ ያነበበውን ቁጥር ነገረኝ። አንድም ሰው እጁን ይዞ ፒናርዱን የት እንደሚያስቀምጥ፣ በዚያው ቅጽበት የእናቲቱን የእጅ ደም ሥር እየዳሰሰ ሁለቱን እንዴት እንደሚያነጻጽር አላሳየውም።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ የተጠየቀው ማን ተረኛ ነበር የሚል ነበር። እኔ ነበርኩ። ስለ ተማሪው ግን ማንም አልጠየቀም፤ በሰነዱ መሠረት ተቆጣጣሪው የኮሌጁ መምህር ነው፣ መምህሩም ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል።

ስለዚህ የኃላፊነት አንቀጹ ላይ የምለምነው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ፈረቃ ከሁለቱ ተረኞች አንዷ በስም የተማሪዎቹ ፕሪሴፕተር ትሁን፤ በአንድ ፈረቃ ከአራት ተማሪ በላይ አይኑርባት። ለዚህ ሥራ ኮሌጁ ክፍያ ይመድብላት፤ ዛሬ ተማሪ ማስተማር ከደመወዛችን ጋር እንደ ምርቃት የሚጨመር ነው። የኮሌጁ መምህር በሳምንት ሁለት ፈረቃ፣ አንዱ ሌሊት ሆኖ፣ ጓንት አጥልቆ አልጋው አጠገብ ይገኝ። የሚመጣው ስም ጠርቶ ለመሄድ ከሆነ የስም ዝርዝሩን በስልክ እንልክለታለን። ተማሪው ብቻውን የማይነካቸው ነገሮችም አንድ በአንድ ይጻፉ። ምጥ ለማፋጠን በግሉኮስ የሚንጠለጠለውን ኦክሲቶሲን አይነካም፤ ሕፃኑ እንደወጣ በመርፌ የሚሰጠውን 10 ዩኒት ግን ፕሪሴፕተሯ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብባ ሲያበቃ እሱ ይስጥ። ማግኒዝየም ሰልፌት አያዘጋጅም። የማኅፀን በር ምርመራ ከተቆጣጣሪ ጋር ካልሆነ አያደርግም።

የመጨረሻው ነጥብ የእናቶችም ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ምጥ ላይ ያለች እናት ሁሉም ነገር ደህና ከሆነ በየ4 ሰዓቱ ትመረመራለች፤ ከዚያ በላይ መደጋገሙ በተለይ የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ኢንፌክሽን ያመጣል። እኛ ጋ ግን ተማሪ ሲበዛ መጀመሪያ አዋላጇ ትመረምራለች፣ ቀጥሎ አንዱ ተማሪ «እኔም ልይ» ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው። ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ሦስተኛው ልጅ ጓንት ሲያጠልቅ አይታ፣ «ልጆቼ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ?» አለች። አልተቆጣችም፤ ልኩን ለማወቅ ነው የጠየቀችው። አዲሱ ሰነድ መልሱን ይስጣት። አንዲትን እናት የሚመረምር አንድ ተማሪ ብቻ፤ ፈቃዷን አዋላጇ ትጠይቅ፣ «አልፈልግም» ካለች አገልግሎቷ አይቀነስ። ተማሪው ካየ የእሱ ምርመራ የዚያ ሰዓት ምርመራ ይሁን፤ አዋላጇ አረጋግጣ ትመዝግበው፣ ተጨማሪ አይሁን። ደብተሩ ላይም አንዲት እናት ከሁለት ቦታ በላይ አትመዝገብ፤ አንዱ ያዋለደ፣ ሌላው ሕፃኑን በመቀበል ያገዘ። የካርድ ቁጥሩን በየሳምንቱ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ለአንድ ሰው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ስለ ተማሪዎቹ ጤናም ሰነዱ «ተማሪዎች ሙሉ ጤነኛ ሆነው ይመጣሉ» ከማለት በቀር ዝም ብሏል። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ስትሰፋ መርፌ ወጋት። ለማንም አልተናገረችም፤ ሪፖርት ማድረግ ከልምምድ ያስወጣል ብለው ጓደኞቿ ነግረዋት ነበር። የሰማነው በሦስተኛው ቀን ነው። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ጥቂት ሰዓት ነበር የቀራት፤ ደረሰላት። ሌሊት መርፌ የወጋው ተማሪ ወዴት እንደሚሄድ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያወጣለት፣ በዚህም ምክንያት ከልምምድ እንደማይባረር በሰነዱ ይጻፍ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ደግሞ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ ከመጀመሪያው አንድ ወር ቆይቶ ሁለተኛው፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛው። ልምምዱ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ክትባት ይከተቡ ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ኮሌጁ ሲመዘገቡ ያስጀምራቸው፣ ካርዱን ያላመጣ ወደ ማዋለጃ አይግባ።

የጓንቱን ነገር ብዙ አላነሳም። ተማሪ ሲመጣ ጓንት በእጥፍ ያልቃል፤ ኮሌጁ በእያንዳንዱ ዙር ስንት ካርቶን እንደሚያመጣ ቁጥሩ ይግባ፣ አለቀ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው አንቀጽ «አለመግባባት ሲፈጠር በጋራ ውይይት ይፈታል» ይላል። ስለ ስብሰባ አዳራሽ ከሆነ ይበቃ ይሆናል። እናት ወይም ሕፃን ሲጎዳ ግን አይበቃም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋውም ቀጣሪው እንዲጠየቅ ያደርጋል። ተማሪ ግን የማን ሠራተኛ ነው? የሆስፒታሉ ደመወዝተኛ አይደለም፣ የኮሌጁም አይደለም። ሁለቱም ወገን የሕግ ባለሙያ ስላላችሁ ተቀምጠው ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልን፦ ተማሪው በፕሪሴፕተር ትእዛዝ ሲሠራ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂው እገሌ ነው፣ ያለ ትእዛዝ ሲሠራ እገሌ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር እስካልተጻፈ ድረስ ተጠያቂዋ ሁልጊዜ የዚያ ሌሊት ተረኛ ናት።

የዕድሳቱ ስብሰባ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በስብሰባው ላይ ከማዋለጃ ክፍል አንድ ሰው እንዲገኝ ይፈቀድ። እኔ ካልተመቸኋችሁ ሌላዋ ትሂድ፤ የወሊድ መዝገቡንና የኅዳሩን አርባ ደብተር ይዛ ትመጣለች፣ ጎን ለጎን ታነቡታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የማዋለጃ ክፍል አዋላጅ ነርስ